55 ቆርቆሮ ገዝቼ ለምን አነሰኝ? እና ሌሎች የጣሪያ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ቆርቆሮ ላይ ነው የሚያርፉት። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ፤ የቀሩትም በዚያው ቤት ቁጥሮች ይታያሉ።

«ቤቴ 10 ሜትር ርዝመትና 7.20 ሜትር ወርድ አለው። ጣሪያው ሁለት ፊት ነው፤ ከግድግዳው አናት 1.20 ሜትር ከፍ ይላል። ታዛው ከፊትና ከኋላ 60፣ በጎን በኩል 50 ሳንቲ ሜትር ነው። የጣሪያውን ስፋት ለአንድ ቆርቆሮ ስፋት አካፍዬ 55 ገዛሁ፤ ባለ 2 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር። ሥራው ሳያልቅ ቆርቆሮው አለቀ። ተሰረቅኩ ወይስ ሒሳቡ ነው?»

ሌባ የለም፤ ሒሳቡ ነው። ካሬ ሜትር ቀለም ለመግዛት ይሆናል እንጂ ቆርቆሮ ለመቁጠር አይበቃም። ቆርቆሮ እርስ በርሱ ይደራረባል፣ በዚያ ላይ ሙሉ ሙሉውን ነው የሚገዛው። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ስንት ረድፍ፣ ወደ ጎን ስንት ቆርቆሮ ብለህ ለየብቻ ቁጠር።

መጀመሪያ የወራጁን ርዝመት እናውጣ። የቤቱ ግማሽ ወርድ 3.60 ሜትር ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ታዛ ሲጨመር አግድም ርቀቱ 4.20 ይሆናል። ጣሪያው በ3.60 ሜትር ውስጥ 1.20 ስለሚነሳ ተዳፋቱ አንድ ሦስተኛ ነው። ለዚህ ተዳፋት ማባዣው 1.054 ነው፤ ከየት እንደመጣ ወረድ ብዬ አሳያለሁ። 4.20 × 1.054 = 4.43 ሜትር። ውሃው አሸንዳው ውስጥ እንዲወድቅ 5 ሳንቲ ሜትር ጨምርበት፦ 4.48።

አሁን ረድፍ እንቁጠር። የታችኛው ቆርቆሮ 2 ሜትር ይሸፍናል። ሁለተኛው 15 ሳንቲ ሜትር ስለሚደራረብበት 1.85 ብቻ ይጨምራል። ሁለቱ አንድ ላይ 3.85 ደረሱ። የቀረው 63 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከመደራረቢያው ጋር 78 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ይፈልጋል። ከአንድ ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ እንዲህ ያለ ቁራጭ ሁለት ይወጣል። እንግዲህ ከታዛ እስከ አናት አንድ አምድ ለመሸፈን ሁለት ተኩል ቆርቆሮ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ወደ ጎን ስንመጣ የጣሪያው ርዝመት ከሁለቱ የጎን ታዛዎች ጋር 11 ሜትር ነው። 90 ሳንቲ ሜትሩ ቆርቆሮ 10 ሲደራረብ 80 ይሸፍናል። 11 ÷ 0.80 = 13.75፤ ስለዚህ 14 አምድ። 14 × 2.5 × 2 ፊት = 70 ቆርቆሮ። ያነሰህ 15 ነው። አናጺህ እያንዳንዱን ቁራጭ ከአዲስ ቆርቆሮ እየቆረጠ ትርፉን ከጣለ ደግሞ 84 ይፈጃል። ስለዚህ መቀስ ሳይነሳ ስለ ቁራጮቹ ተነጋገሩ። የተቆረጠው ጠርዝ ዝገት ስለሚቀድመው ወደ ላይ ይሁን፤ የአናቱ ክዳን ይሸፍነዋል።

«አናጺዬ የጎን መደራረቡን ቀነስ አድርገን ቆርቆሮ እናትርፍ ይለኛል። ልስማው?»

አትስማው። ከላይ ባየነው ቤት መደራረቡን ከ10 ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ብናወርደው አንድ ቆርቆሮ 83 ይሸፍናል። 11 ÷ 0.83 = 13.25። አሁንም 14 ነው! አንዲት ቆርቆሮ አልተረፈችም፤ ጣሪያው ግን ሊያፈስ ነው። በ13 ለመጨረስ መደራረቡ ከ6 ሳንቲ ሜትር በታች መውረድ አለበት። የተለመደው ቆርቆሮ አንዱ ሞገድ ከ7 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ሞገድ እንኳ አይደራረብም። ነፋስ ያለው ዝናብ ሲመጣ ውሃው በጎን ይገባል። አንድ ተኩል ሞገድ ሲደራረብ ነው ሰው ተረጋግቶ የሚተኛው።

መቆጠብ ከተፈለገ የጎን ታዛውን ንኩት። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሙሉ 90 ስለሚሸፍን 13 አምድ 10.50 ሜትር ይሸፍናል። ያ ማለት ታዛው በየጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 5 ቆርቆሮ ይተርፋል። ግድግዳው ከዝናብ ትንሽ ይጋለጣል፤ እሱን አመዛዝኑ። እኔ ብሆን ታዛውን አልነካም ነበር።

«ፕላን የለኝም። የቆመውን ጣሪያ ተዳፋት በምን ልለካ?»

በውሃ ልክና በሜትር። የአንድ ሜትር ውሃ ልክ ያዝና አንዱን ጫፍ ከወራጁ ሆድ ጋር አገናኘው። አረፋው መሃል እስኪቆም አስተካክለው። ከዚያ በሌላኛው ጫፍ በኩል ቀጥ ብለህ ወደ ላይ እስከ ወራጁ ድረስ ለካ። 33 ሳንቲ ሜትር ካገኘህ ተዳፋቱ 0.33 ነው። እሱን በራሱ አባዛው፣ 1 ጨምርበት፣ ካሬ ሩት አውጣ። 0.33 × 0.33 = 0.109፤ የ1.109 ካሬ ሩት 1.053። የወራጁን ርዝመት የሚሰጥህ ማባዣ እሱ ነው። ወራጁ የተጣመመ ከሆነ ግን ሁለት ሦስት ቦታ ለካ።

«ፕላኑ ላይ 20% ይላል። አናጺው 20 ዲግሪ ነው ብሎ ቆረጠ። ለውጥ አለው?»

በደንብ አለው። 20% ማለት በአንድ ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር መነሳት ነው፤ በዲግሪ 11 ገደማ። 20 ዲግሪ ደግሞ በሜትር 36 ሳንቲ ሜትር ያነሳል። ማባዣው ከ1.02 ወደ 1.064 ይዘላል። በ4.20 ሜትር ላይ ልዩነቱ ወደ 19 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። በፕላኑ ልክ ቆርቆሮ አዝዘህ ከሆነ አናቱ ጋ ክፍት ቦታ ታገኛለህ።

«ታዛውን የምለካው አግድም ነው ወይስ በተዳፋቱ ላይ?»

ሁለቱም ይሆናል፤ አትደባልቃቸው ብቻ። አግድም ከለካህ ከግማሹ ወርድ ጋር ደምረህ አንድ ላይ አባዛው። በተዳፋቱ ላይ ከለካህ ማባዣው ቀድሞ ገብቶበታል፤ ከማባዛቱ በኋላ ደምረው።

«ጣሪያውን ዝቅ ባደርገው ቆርቆሮ አይቀንስልኝም?»

በዚያው ቤት እንሞክረው። ከፍታውን ከ1.20 ወደ 60 ሳንቲ ሜትር አወረድነው እንበል። ወራጁ ከአሸንዳው 5 ሳንቲ ሜትር ጋር 4.31 ይሆናል። 17 ሳንቲ ሜትር ተረፈ። ችግሩ ተዳፋቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለወረደ ውሃው ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፤ በመደራረቢያው ስርም ሽቅብ ይሳባል። ስለዚህ 15 ሳንቲ ሜትር መደራረብ አይበቃም። 30 እናድርገውና ማሸጊያ እንጨምርበት። ሁለት ረድፍ 3.70 ይሸፍናል፤ የላይኛው ቁራጭ 91 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከአንድ ቆርቆሮ አሁንም ሁለት ነው የሚወጣው። መልሱ ያው 70።

«ባለ 2.50 ሜትር ቆርቆሮ አገኘሁ። ከባለ 2 ይሻላል?»

ለ4.48 ሜትር ወራጅ አዎ። ሁለቱ እስከ 4.85 ስለሚደርሱ ሁለት ረድፍ ይበቃል፤ በጠቅላላ 56 ቆርቆሮ። በሜትር ብታሰላው 140 ሜትር ነው፤ 70ው ባለ 2ም ያው 140 ይሆናል። የምታተርፈው መቁረጡን ነው። በአንድ ተዳፋት ላይ የነበሩት ሁለት መደራረቢያዎችም አንድ ይሆናሉ፤ ውሃ የሚገባበት ቦታ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ትርፉን 37 ሳንቲ ሜትር መቁረጥ አያስፈልግም፤ መደራረቡ 52 ይሁን። ማገሩን ግን መጀመሪያ አስተካክሉ፤ መደራረቢያው ማገር ላይ ካላረፈ ምስማሩ የሚመታበት እንጨት አያገኝም።