ድምፁ ወደ ኋላ ሲቀር፣ መቅረት የጀመረበትን ቦታ ፈልጉ

"ጋሼ፣ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ኮንቨርት አደረግኩ። መጀመሪያው ላይ ልክ ነው። እየቆየ ግን ድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል፣ መጨረሻ ላይ ሰውየው አፉን ከዘጋ በኋላ ነው የሚሰማው። ኦዲዮውን ላሳጥረው ወይስ ወደ ፊት ልግፋው?" ብሎ አንድ ልጅ ጻፈልኝ።

ሁለቱንም ተው አልኩት። ኦዲዮውን አትንካው። ለምን እንደሆነ ግን በሁለት መስመር ማስረዳት አልቻልኩም፣ ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና ለሌሎቻችሁም ይሁን ብዬ በረጅሙ ልጻፈው።

ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቤተሰብ የመልስ ቪዲዮ ይዞልኝ መጣ። የሙሽራዋ አያት የመረቁበት ነው። ሽማግሌው ከመልሱ በኋላ ብዙም አልቆዩም፣ ዐረፉ። ካሜራማኑ የተዋዋለው ለሠርጉ ቀን ብቻ ስለነበር ምርቃቱን የቀረጸው አንድ የዘመድ ልጅ ነው፣ ስልኩን ቁምሳጥን ላይ አስደግፎ። አርባ ደቂቃ ሙሉ። ከዚያ ስልኩ ሞላበትና አንድ ኮምፒውተር ቤት ወስዶ አስገለበጠው። እዚያ ያሉት "የትም እንዲከፈት" ብለው ኮንቨርት አደረጉለት። ዋናው ፋይል ከስልኩ ተሰረዘ።

የአርባው ተዝካር ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ በቴሌቪዥን ከፈተው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ ይታያሉ። ሰዉ "አሜን" ሲል አፉ ይታያል፣ የሚሰማው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ዝም ብሎ እንጀራ እየቆረሰ እያለ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ "አሜን" ቤቱን ይሞላዋል። ባለቤታቸው እማማ "አጥፉልኝ" አሉ አሉ። እኔ ጋ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከተዝካሩ አንድ ቀን ቀድሞ ቢመጣልኝ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፋይሉን ከፍቼ ዝም ብዬ ከመጀመሪያው ማየት ጀመርኩ። እስከ ሃያኛው ደቂቃ ድረስ ከንፈርና ድምፅ አንድ ናቸው፣ እንከን የላቸውም። ሃያኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ምስሉ ጨለመ፣ "ሄደ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ሻማ መጣ፣ ሽማግሌው ግን ምርቃታቸውን አላቋረጡም። መብራቱ ሲመለስ ልጆቹ "መጣ!" ብለው ጮኹ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በምስሉ መብራቱ የተመለሰው 24ኛው ደቂቃ ላይ ነው፣ "መጣ!" የሚለው ጩኸት የሚሰማው ግን 25ኛው ደቂቃ ላይ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ልዩነቱ ያው አንድ ደቂቃ ነው፣ አይጨምርም አይቀንስም።

ስልክ በጨለማ ምን እንደሚያደርግ ካወቃችሁ እንቆቅልሹ ይፈታል። በሴኮንድ 30 ፍሬም፣ ማለትም 30 ነጠላ ምስል፣ ሲቀርጽ ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 33 ሚሊሴኮንድ አካባቢ ነው። ብርሃን ሲያንስ ይህ ጊዜ አይበቃውም። ለእያንዳንዱ ፍሬም ወደ 42 ሚሊሴኮንድ ይወስድና በሴኮንድ 24 ፍሬም ብቻ ይይዛል። ይህን ሲያደርግ አይዋሽም፤ እያንዳንዱ ፍሬም በየትኛው ሰዓት መታየት እንዳለበት ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ተለዋዋጭ ፍሬም ሬት የሚባለው ይኸው ነው። ደህና ማጫወቻ ሰዓቱን እያነበበ ስለሚያሳይ ዋናው ፋይል ስልኩ ላይ ሲታይ ልክ ነው።

የዚያ ኮምፒውተር ቤት ኮንቨርተር ግን የተጻፈውን ሰዓት ጥሎ ፍሬሞቹን በሴኮንድ 30 እያለ በእኩል ደረደራቸው። ጨለማው የቆየው 300 ሴኮንድ ነው። 300 በ24 ሲባዛ 7,200 ፍሬም። 7,200 ለ30 ሲካፈል 240 ሴኮንድ። ስልሳ ሴኮንድ ጠፋ። ድምፁ በምስል ፍሬም ስለማይቆጠር በነበረበት ርዝመት ቀረ።

አሁን የልጁን ጥያቄ እዚህ ላይ እንሞክረው። ድምፁ 40 ደቂቃ፣ ምስሉ 39። ኦዲዮውን በ2.5 በመቶ ብናሳጥረው ሁለቱም እኩል ያልቃሉ፣ መጨረሻው ላይም ከንፈሩ ይገጥማል። ሃያኛው ደቂቃ ላይስ? እዚያ ቀድሞ ፍጹም ልክ የነበረው ድምፅ አሁን በ30 ሴኮንድ ይቀድማል። የተበላሸው አምስት ደቂቃ ሆኖ ሳለ ጤነኛውን ሃያ ደቂቃ አብረን አበላሸን ማለት ነው። አንዳንዶቻችሁ ግን መጨረሻው ሲገጥም "ተስተካከለ" ብላችሁ ትልካላችሁ። መሀሉን ማየት ቀርቷል። የአሁን ልጅ አርባ ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማየት አይወድም፣ ሁሉንም በሁለት እጥፍ ፍጥነት ነው የሚያየው፣ ከንፈር ደግሞ በዚያ ፍጥነት አይፈተሽም።

እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። ዋናው ፋይል ስለሌለ ያለችኝ የተበላሸችው ኮፒ ብቻ ነበረች። ደግነቱ ፍሬም አልተጣለም፣ ሁሉም አሉ፣ የጠፋው ሰዓታቸው ብቻ ነው። ኦዲዮውን ከምስሉ ለይቼ ባለበት አቆየሁት። ምስሉን 20ኛው እና 24ኛው ደቂቃ ላይ ቆረጥኩ። የመሀሉን አራት ደቂቃ ፍጥነት ወደ 80 በመቶ አወረድኩ፣ አምስት ደቂቃ ሆነ። የቀረውን ወደ ኋላ ገፍቼ አያያዝኩት። "መጣ!" እና መብራቱ አብረው መጡ።

በጨለማው ውስጥ ግን ትንሽ ይወላገድ ነበር፣ ስልኩ አምስቱን ደቂቃ ሙሉ በትክክል 24 አልያዘምና። እዚህ ላይ ያገዘኝ "አሜን" ነው። ሜ ሲባል ከንፈር ይገጥማል። በሻማው ብርሃን የምትታይ አንዲት ሴት ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ ከንፈሯ የገጠመበትን ፍሬም እፈልግና ድምፁ ላይ ካለው "ሜ" ጋር አስተካክላለሁ፣ እዚያ ላይ እቆርጣለሁ፣ ወደሚቀጥለው ምርቃት እሄዳለሁ። ሽማግሌው ምርቃት አያጥሩም ነበርና ምልክት አልቸገረኝም። ለእማማ ተወሰደላቸው። አይተውት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እኛ በካሴት ስንሠራ ይህ ጣጣ አልነበረም። ሚኒ ዲቪ ካሜራችን ጨለመም በራም በሴኮንድ 25 ነው፣ ጨለማ ላይ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል እንጂ ሰዓቱን አይስትም። የራሱ መከራ ነበረው፣ ካሴቱን የሚያነበው ሄድ ሲቆሽሽ ምስሉ ይቆራረጣል፣ አርባ ደቂቃ ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት አርባ ደቂቃ መጠበቅ ነው። አልናፍቀውም።

ወደ ልጁ ልመለስ። እሱ ዋናው ፋይል ስልኩ ላይ አለ። ስለዚህ እኔ ያየሁትን መከራ ማየት የለበትም፣ የተበላሸውን ኮፒ ጥሎ ከዋናው እንደገና መጀመር ነው። መጀመሪያ ፋይሉን ሚዲያኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ይክፈተው። `Frame rate mode` የሚለው ላይ `Variable` ካለ ምርመራው አልቋል። ከዚያ ሃንድብሬክ በሚባለው ኮንቨርተር ከሆነ የሚሠራው `Video` የሚለው ገጽ ላይ `Framerate (FPS)` የሚለውን 30 ያድርግና ከሥሩ `Constant Framerate` የሚለውን ይምረጥ። ዝግጁ ሆነው የሚመጡት ምርጫዎች ብዙ ጊዜ `Peak Framerate` ላይ ናቸው፣ እሱ ደግሞ ከ30 አትለፍ ይላል እንጂ ቋሚ ሁን አይልም። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ፕሮግራም በኮማንድ ከሆነ ይህ ነው፦

```
ffmpeg -i original.mp4 -vf fps=30 -c:v libx264 -crf 18 -c:a aac -b:a 192k fixed.mp4
```

ይህ የተጻፈውን ሰዓት ያከብራል። ስልኩ 24 ብቻ በያዘበት ሴኮንድ ስድስቱን ፍሬም ሁለቴ አድርጎ 30 ይሞላል። ምስሉ ርዝመቱን ስለማይቀይር ድምፁ ቦታው ላይ ይቆያል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ `-r 30` የሚለውን ከ`-i` በፊት አትጻፉ። እዚያ ሲገባ ትርጉሙ "የተጻፈውን ሰዓት ተወው፣ ሁሉንም 30 ቁጠረው" ነው፣ ያ ኮምፒውተር ቤት ያደረገውን ራሳችሁ አደረጋችሁት ማለት ነው። ይህን ኮማንድ ለእኔ ዘመን ሰው ማስተማር ጭንቅ ነው፣ እናንተ ግን አንዴ አይታችሁ ትይዙታላችሁ፣ ቅድም ያማሁአችሁን በዚህ አካክሱልኝ።

ኦዲዮውን አትንካው ብያለሁ። የምትነኩበት ጊዜም አለ። መዘግየቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል የሚያድግ ከሆነ፣ ለምሳሌ በ29.97 የተቀረጸ በ30 ተቆጥሮ ከሆነ፣ በሰዓት 3.6 ሴኮንድ ነው፣ እሩብ ሰዓት ላይ 0.9፣ ግማሽ ላይ 1.8። እንዲህ በመስመር የሚሄድ ከሆነ አንድ ማስተካከያ ሁሉንም ያቀናል። ደረጃ በደረጃ እየዘለለ የሚያድግ ከሆነ ግን ተለዋዋጭ ፍሬም ሬት ነው። ለይታችሁ ለማወቅ ቢያንስ አራት ቦታ ላይ ስንት እንደዘገየ ለኩ። ጭብጨባ፣ ከበሮ፣ "አሜን"፣ የተገኘው ሁሉ ይሆናል።

አይፎን የያዛችሁ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ `Record Video` ሥር `Auto FPS` የሚል አለ፣ እሱን ብታጠፉት ስልኩ በጨለማ ወደ 24 መውረዱን ይተዋል። ምስሉ ትንሽ ይጨልማል። እኔ ጨለማውን እመርጣለሁ፣ ሙሽሮች ግን አይመርጡም።

ልጁ አሁን ፋይሉን በቴሌግራም ልላክልህ ይለኛል። ላክ፣ ግን እንደ ፋይል ላከው። እንደ ቪዲዮ ከላክከው ቴሌግራሙ ራሱ ጨምቆ ኮንቨርት ያደርገዋል፣ እኔ ጋ የሚደርሰው ሌላ ቪዲዮ ነው። እኔ እስካየው ድረስም ከስልክህ አትሰርዘው።