አንደኛ ክፍል ለምታስተምሩ፦ ከመቶኛው በፊት ምልክቶቹን እዩ

ልጆቼ፣

ባሕር ዳር አንደኛ ክፍል ሳስተምር በአንዲት የሐይቅ ዳር ልጅ ላይ የፈጸምሁትን ስህተት ልንገራችሁ።

ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ታንኳ የሚያወራ 50 ቃላት ያሉት ምንባብ ታነባለች። እኔ በትክክል ላነበበችው ለእያንዳንዱ ቃል ራይት አደርጋለሁ። ስትስት እሷ ያለችውን ከላይ፣ የመጽሐፉን ከታች እጽፋለሁ። የዘለለችውን በሰረዝ፣ ራሷ ያረመችውን «ራ» ብዬ እይዛለሁ። ጥቂት ጠብቄ ካቃታት ቃሉን እነግራታለሁ፤ እሱም እንደ ስህተት ይቆጠራል።

ስትጨርስ 6 ስህተት ቆጠርሁ፤ ከ50 ቃላት 44 ትክክል፣ ማለት 88 ከመቶ። በተለመደው መለኪያ ከ90 በታች ከባድ ነው፤ ከ90 እስከ 94 ከመምህር ጋር ለመማር ይሆናል፤ 95ና ከዚያ በላይ ልጁ ብቻውን ያነበዋል። ምንባቡን ቀየርሁባት።

ማታ ወረቀቱን እንደገና አየሁት። «ልጁ ዋና ይችላል» የሚለውን መጀመሪያ «ና»ን አጥብቃ፣ እንደ «ዋና ከተማ» ነበር ያነበበችው። ቆም አለችና መልሳ አላላችው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ልጅቷን የመለሳት የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ነው። እኔ ግን «ራ» ጽፌ ሳለ ከስህተት ደምሬዋለሁ። «አባቷ»ን ሁለቴ ማለቷንም ቆጥሬባታለሁ። መድገም ይመዘገባል እንጂ አይቆጠርም። ስህተቷ 4፣ ውጤቷ 92 ነበር። ምንባቡ በልኳ ነበር ማለት ነው።

ከአራቱ ሦስቱ ደግሞ አንድ ነገር ናቸው፤ «ታንኳ» በመጣ ቁጥር «ታንካ» ትላለች። (የሰው ወይም የቦታ ስም ቢሆን የሚቆጠረው አንዴ ብቻ ነው፤ ሌላ ቃል ግን በተሳተ ቁጥር ይቆጠራል።) የደንገል ታንኳ በየቀኑ የምታይ ልጅ «ታንካ» ብላ ስታልፍ ያጣችው ቃሉን ሳይሆን «ኳ»ን ነው።

መለኪያው ኒውዚላንዳዊቷ ማሪ ክሌይ ለእንግሊዝኛ ንባብ ካዘጋጀችው አሠራር የመጣ ነው። የእኛ ቃል ግን «ስላልመጣችላቸው» ብሎ አንድ ሙሉ ሐሳብ ይሸከማል፤ ከዘጠኙ ፊደላት አንዷ ብትሳት ቃሉ በሙሉ ስህተት ይሆናል። በ50 ቃላት ላይ ደግሞ አንዲት ስህተት 2 ከመቶ ትወስዳለች። ስለዚህ 88ን አይታችሁ አትፍረዱ፤ ሌላ ቀን በሌላ ምንባብ ድገሙት። የሰፈሯን አነጋገር ዘዬም ስህተት ብላችሁ አትያዙባት።

በማግሥቱ «ካ»ንና «ኳ»ን ጎን ለጎን ጻፍሁላት፤ ቀጥሎ «ኳስ»፣ ከዚያ «ታንኳ»። ያንኑ ምንባብ መለስሁላት። የመጀመሪያው ላይ «ታንካ» ብላ ቆመች፤ ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ «ታንኳ!» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። «ራ» ብዬ ጻፍሁ።