ስምንት አኃዝ ያለው የደብሊውፒኤስ ፒን ለምን ይደክማል፣ እንዴትስ ይጠፋል?

ጥያቄ፦ «የዋይፋዬን የይለፍ ቃል ሃያ ፊደልና ቁጥር አድርጌ ቀይሬው ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በራውተሩ ገጽ ላይ የማላውቀው ስልክ ተገናኝቶ አየሁ። እንደገና ቀየርኩት፤ ስልኩም እንደገና መጣ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደብሊውፒኤስን አጥፋው አለኝ። እኔ ግን ያንን ቁልፍ ነክቼው አላውቅም፤ ፒኑም ስምንት አኃዝ ስለሆነ በቀላሉ የሚገመት አይመስለኝም። ነገሩ እውነት ነው? ከሆነስ እንዴት ይጠፋል?»

መልስ፦ ባልደረባዎ የጠቆሙት ቦታ በመጀመሪያ ሊፈተሽ የሚገባው ነው። ስልኩ ከሁለተኛው ለውጥ በኋላም ተመልሶ መምጣቱ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ አዲሱን የይለፍ ቃል ሰው ካልነገረው፣ የነገረው ራውተሩ ራሱ ሊሆን ይችላልና። ሆኖም አንድ ነገር አስቀድመው ያጣሩ። የዛሬ ስልኮች በአውታረ መረብ ላይ የሚታወቁበትን እውነተኛ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ማክ አድራሻቸውን፣ ደብቀው በዘፈቀደ በተፈጠረ አድራሻ ስለሚገናኙ፣ የቤተሰብዎ ስልክ በዝርዝሩ ውስጥ እንደ እንግዳ ሊታይ ይችላል። የቤቱን ስልኮች ዋይፋይ አንድ በአንድ አጥፍተው የማያውቁት ስም ከዝርዝሩ መጥፋት አለመጥፋቱን ይመልከቱ። ሁሉም ጠፍተው እርሱ ከቀረ ወደ ደብሊውፒኤስ እንለፍ።

ደብሊውፒኤስ ረጅም የይለፍ ቃል መጻፍ ሳያስፈልግ አዲስ መሣሪያን ከዋይፋይ ጋር ለማገናኘት የታሰበ አሠራር ነው። ሰዎች በብዛት የሚያውቁት የቁልፉን መንገድ ነው፦ የራውተሩን ቁልፍ ሲጫኑት ለሁለት ደቂቃ ያህል በሩ ይከፈታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚጠይቀው መሣሪያ ይገባል፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ሁለተኛው መንገድ የፒን መንገድ ነው። በራውተሩ ጀርባ ወይም ሆድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ስምንት አኃዝ ታትሟል፤ ይህን ቁጥር በትክክል ያቀረበ መሣሪያ የአውታረ መረቡን ስምና የይለፍ ቃል ከራውተሩ እጅ ይቀበላል። እርስዎ ቁልፉን ነክተውት አለማወቅዎ የማይጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። የፒኑ መንገድ ማንም ቁልፍ ሳይጫን፣ ቀንም ሌሊትም፣ ደብሊውፒኤስ እስከበራ ድረስ ጥያቄ ይቀበላል። የይለፍ ቃልዎ ሃያ ፊደል መሆኑም በዚህ በር ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ፒኑን ያገኘ ሰው የይለፍ ቃሉን መገመት አይጠበቅበትም፣ ራውተሩ ሙሉውን ይሰጠዋል። በቀየሩት ቁጥርም አዲሱን በዚያው ፒን ተመልሶ ይወስዳል።

አሁን ወደ ስምንቱ አኃዝ እንምጣ። ስምንት አኃዝ ያለው ቁጥር 100,000,000 ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ በየተራ እየሞከሩ ማግኘት አስቸጋሪ ይመስላል። ነገር ግን የመጨረሻው አኃዝ ነጻ አኃዝ አይደለም፤ ሰው ሲጽፍ እንዳይሳሳት ከፊተኞቹ ሰባት አኃዞች ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። ለምሳሌ 1234567 የሚለውን እንውሰድ። ከግራ ጀምረን አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውንና ሰባተኛውን አኃዝ በ3 እናባዛለን፤ የቀሩትን እንዳሉ እንተዋቸዋለን። 3፣ 2፣ 9፣ 4፣ 15፣ 6 እና 21 እናገኛለን፤ ድምሩ 60 ነው። ድምሩን ወደሚቀጥለው የአሥር ብዜት ለማድረስ የሚጎድለው ቁጥር ስምንተኛው አኃዝ ይሆናል፤ 60 ራሱ የአሥር ብዜት ስለሆነ የሚጎድለው 0 ነው፤ ሙሉው ፒን 12345670 ይሆናል። ይህን ስሌት የሚያውቅ ሰው የሚፈልገው ሰባት አኃዝ ብቻ ስለሆነ፣ መቶው ሚሊዮን ወደ አሥር ሚሊዮን ይወርዳል።

አሥር ሚሊዮንም ገና ብዙ ነው። ትልቁ ስህተት ያለው ራውተሩ ፒኑን በሚመረምርበት መንገድ ላይ ነው። ራውተሩ ስምንቱን አኃዝ በአንድ ጊዜ አይመረምርም፤ መጀመሪያ አራቱን፣ ቀጥሎ አራቱን ለየብቻ ይመረምራል፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ካልተስማሙም ንግግሩን እዚያው ያቋርጣል። ስለዚህ የሚሞክረው ሰው የተቋረጠበትን ቦታ በማየት ብቻ ስህተቱ በየትኛው ግማሽ እንዳለ ያውቃል። በቁጥር በሚከፈት ሻንጣ ላይ ቢያስቡት፣ ግማሹ ትክክል ሲሆን ቁልፉ ራሱ የሚናገር ሻንጣ ማለት ነው። የመጀመሪያው ግማሽ 10,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግማሽ አንዱ አኃዙ ማረጋገጫ ስለሆነ 1,000 ዓይነት ብቻ ነው። ሁለቱ ስለተለያዩ የሚባዙት ቀርተው የሚደመሩ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ይህን በ2011 መጨረሻ ለሕዝብ የገለጸው ሽቴፋን ፊቦክ የተባለ ተመራማሪ ሲሆን፣ ወዲያውኑ ሙከራውን በራሱ የሚያከናውን ሪቨር የተባለ ነጻ ፕሮግራም ወጣ።

አንዱ ሙከራ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ፣ 11,000ው ሙከራ በአራት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል፤ ይህም ፒኑ መጨረሻ ላይ ከተገኘ ነው። አንዳንድ ራውተሮች ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ይዘጋሉ። ይህ ጊዜውን ወደ 66 ሰዓት ያሳድገዋል፤ ለጎረቤት ግን ሦስት ቀን የማይሞላ ትዕግሥት ብዙ አይደለም። እስኪጠፉና እስኪበሩ ድረስ ጨርሰው የሚዘጉ ራውተሮች በዚህ በኩል የተሻሉ ናቸው። ይሁን እንጂ በ2014 ዶሚኒክ ቦንጋርድ የተባለ ተመራማሪ የአንዳንድ ራውተሮች ቺፕ በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀምባቸው ምሥጢራዊ የዘፈቀደ ቁጥሮች በቂ ዘፈቀደ እንዳልሆኑ አሳየ። እንዲህ ባለ ራውተር ላይ አንድ ያልተሳካ ሙከራ ብቻ ይበቃል፤ የተቀረውን ስሌት አጥቂው በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚሠራው፣ ራውተሩ የሙከራ ብዛት ቆጥሮ መዝጋቱ ምንም አይረዳም። የራውተርዎ ቺፕ ከየትኞቹ ወገን እንደሆነ ከውጭ አይታይም፤ ስለዚህ በመዝጊያው ላይ ተማምኖ ፒኑን እንደበራ መተው እኔ የምመክረው አይደለም።

ማጥፋቱ አጭር ሥራ ነው። በመጀመሪያ የራውተሩን አድራሻ ይፈልጉ። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር የትእዛዝ መስኮቱን ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

```
ipconfig
```

«Default Gateway» ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ቁጥር፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1፣ የራውተሩ አድራሻ ነው። በብራውዘር ውስጥ ይጻፉትና በአስተዳዳሪው ስምና የይለፍ ቃል ይግቡ። ይህ የይለፍ ቃል ከዋይፋዩ የተለየ ነው፤ ቀይረውት ካላወቁ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያገኙታል። ከዚያ «Wireless» ወይም «Advanced» በሚለው ሥር «WPS» የሚለውን ይክፈቱ። በዚህ ገጽ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። «PIN» የሚለው ቃል በሁለት ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ አንዱ የሌላ መሣሪያ ፒን የሚጻፍበት ባዶ ሳጥን ሲሆን፣ ሌላው «Router PIN» ወይም «AP PIN» ተብሎ የተቀመጠው የራውተሩ የራሱ ፒን ነው። አደገኛው ሁለተኛው ነው። በአንዳንድ ራውተር ላይ አዲስ ፒን የሚያወጣ ቁልፍ ከጎኑ አለ፤ አዲሱም ፒን በ11,000 ሙከራ ውስጥ ስለሚገኝ እርሱን መለወጥ መፍትሔ አይሆንም።

ከተቻለ ደብሊውፒኤስን በሙሉ ያጥፉ። ስክሪን የሌለው ማተሚያ ኖሮዎት ቁልፉ የግድ ካስፈለገ፣ የራውተሩን ፒን ብቻ አጥፍተው ቁልፉን መተው ይቻላል፤ የቁልፉ መንገድ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ስለሚከፈት አደጋው በጣም ያነሰ ነው። ራውተሩ ሁለት ሞገድ ካለው የ2.4 ጊጋኸርትዝና የ5 ጊጋኸርትዝ ማስተካከያ ለየብቻ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ይዩ። «Save» ወይም «Apply» ብለው ካስቀመጡ በኋላ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት። ዋይፋዩን የሚያራዝም ተጨማሪ መሣሪያ ካለዎት እርሱም የራሱ ደብሊውፒኤስ አለው፤ አንድ ጊዜ ለአንድ ደንበኛ ራውተሩን በሚገባ ዘግቼ ከሄድኩ በኋላ፣ በላይኛው ፎቅ የተሰካው ማራዘሚያ ያንኑ የይለፍ ቃል ይዞ በሩን እንደከፈተ ቆይቶ አግኝቼዋለሁ።

የይለፍ ቃሉን የሚቀይሩት ከዚህ በኋላ ነው። እርስዎ ሁለት ጊዜ የቀየሩት በሩ እንደተከፈተ ስለሆነ ጥረትዎ ውኃ በልቶታል። በዚያው አጋጣሚ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ አንድ ጊዜ ውስጥ የገባ ሰው በወረቀቱ ላይ ባለው ወይም በተለመደው የአስተዳዳሪ ስም ገብቶ ደብሊውፒኤስን መልሶ ሊያበራው ይችላልና።

የማጥፊያው ምልክት ጠፍቷል ማለቱ ብቻውን አይበቃም። በ2011 ጉዳዩ ሲታወቅ፣ በገጹ ላይ ጠፍቶ በአየር ላይ ግን እየሠራ የተገኘ ራውተር ነበር። ራውተሩ ደብሊውፒኤስ መብራቱን በየጊዜው በአየር ላይ ስለሚያውጅ መፈተሽ ቀላል ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ የዋይፋይ መመርመሪያ አፕ ከፍተው በራስዎ አውታረ መረብ ስም ሥር `[WPS]` የሚል መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ሊኑክስ ካለዎት ይህ ትእዛዝ ያሳይዎታል፤ `wlan0` የሚለውን በእርስዎ የዋይፋይ ካርድ ስም ይተኩት፦

```
sudo iw dev wlan0 scan
```

በራስዎ ስም ሥር `WPS:` የሚል መስመር ከሌለ ጠፍቷል። መስመሩ ካለ ግን ከሥሩ ያለውን ያንብቡ፤ `AP setup locked` የሚለው ለጊዜው ተዘግቷል ማለት እንጂ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ቁልፉን ሆን ብለው ከተዉትም መስመሩ እንዳለ ይቆያል። ሁሉንም አጥፍተው መስመሩ ካልጠፋ የራውተሩን ፈርምዌር፣ ማለትም ራውተሩን የሚያሠራውን የውስጥ ፕሮግራም፣ ከአምራቹ ገጽ አውርደው ያድሱ፤ ከዚያም በኋላ ካልጠፋ ያ ራውተር መቀየር አለበት። ፈርምዌር ሲታደስ ወይም ራውተሩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ሲመለስ ደብሊውፒኤስ ተመልሶ ሊበራ ስለሚችል፣ ያንን ፍተሻ ያኔም ይድገሙት።

ይህን ሁሉ በቅደም ተከተሉ አድርገው ያ ስልክ እንደገና ከመጣ ምክንያቱ ፒኑ አይደለም። ያን ጊዜ የሚቀረው ከቤት ውስጥ የሚወጣ መንገድ ነው፦ አዲሱን የይለፍ ቃል የያዘ ማንኛውም ስልክ በኪውአር ኮድ ለሌላው ሊያሳልፈው ይችላል፤ ስለዚህ አዲሱን የይለፍ ቃል ለአንድ ስልክ ብቻ፣ ለራስዎ፣ ሰጥተው ሁለት ሳምንት ይቆዩና ሌሎቹን አንድ በአንድ እየጨመሩ እንግዳው ከማን ጋር አብሮ እንደሚመለስ ይዩ።