እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው ሲሉኝ ምን ልበል?

«አሜሪካ መሥሪያ ቤት ውስጥ አለቃዬ እንግሊዝኛዬን ወይ ሥራዬን ሲያደንቅ "ኖ ኖ፣ ኢትስ ባድ" እላለሁ። ከዚያ ዝም ዝም ይሆናል። ምን ልመልስ?»

ወንድሜ፣ «ኖ ኖ» የሚለውን ተወው። እኛ ጋ «ኧረ ተው!» ማለት ጨዋነት ነው፣ እዚያ ግን ሰውየው ተሳስተሃል እንዳልከው ይሰማዋል፣ ወይ ደግሞ «አይ፣ የምር ጥሩ ነው» እያለ አንተን ማጽናናት ይጀምራል። ዝምታው የመጣው ከዚያ ነው።

ለእንግሊዝኛህ «ታንክስ፣ ዛትስ ካይንድ ኦቭ ዩ» በቂ ነው። ፈገግ በል፣ ድምፅህን መጨረሻ ላይ ዝቅ አድርገህ ዝጋው፤ ከፍ ካደረግከው ጥያቄ ይመስላል። «ዩርስ ቱ» እንዳትል ብቻ፣ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው፣ ያስቃል። የት ተማርከው ካለህ እኛ ጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው በለው፣ አለቀ።

ለሥራ ሲሆን ትንሽ ይለያል። ሪፖርቱን አይቶ «ግሬት ጆብ» ካለህ «ታንክስ፣ ግላድ ኢት ሄልፕድ» በል። ሠንጠረዡን ሌላ ሰው ሠርቶት ከሆነ ስሙን ጥራ፣ «ታንክስ፣ እገሌ ዲድ ዘ ቻርትስ» ብለህ፤ ግን ምስጋናውን ጠቅልለህ ለእሱ አትስጥ፣ በዓመታዊ ግምገማ ላይ የሚታወሰው በስምህ የቀረው ነው። በጽሑፍ ከመጣም ያችኑ አንድ መስመር መልስ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሥራ እለፍ፣ «ሁለተኛውን ክፍል ሐሙስ እልካለሁ» እንደማለት፣ ዝምታው ቦታ አያገኝም።