መኪና ውስጥ የሚታይ ዕቃ ሲሰረቅ

«ደብረ ብርሃን ላይ የቆለፍኩትን መኪና መስታወት ሰብረው ላፕቶፔን ከወንበሩ ላይ ወሰዱብኝ። ሙሉ ኢንሹራንስ እያለኝ ለምን አይከፈለኝም?»

ወንድሜ፣ «ሙሉ» የሚባለው ሽፋን በመሠረቱ ለመኪናው ነው። መስታወቱ ሊካስልህ ይችላል፤ ላፕቶፑ ግን የግል ዕቃ ተጨማሪ ሽፋን ካልገዛህ አይካተትም። ሽፋኑ ቢኖርህም ብዙ ውሎች መኪናው ተቆልፎ፣ ዕቃውም ከውጭ እንዳይታይ ተደርጎ እንዲቀመጥ ያስገድዳሉ። ወንበር ላይ ያለ ላፕቶፕ ሌባው ሰብሮ ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ኢንሹራንሱ የሚሸከመው ደግሞ ባለቤቱ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጎም የደረሰበትን ጉዳት ነው። ኮት ጣል ማድረግም አያስተማምንም፣ ቅርጹ ያስታውቃል። ለወደፊቱ ከመነሳትህ በፊት ፖርታ ባጋሊ ውስጥ ክተተው፤ ካቆምክ በኋላ ስታስገባ የሚያይህ አይጠፋም። አሁን ግን መስታወቱን ሳታስቀይር ፎቶ አንሳው፣ የፖሊስ ማስረጃ አውጣና ቶሎ ለኢንሹራንሱ አሳውቅ።