ውሃ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ በመጨረሻም በሩ ተቆለፈ

«ደብረ ማርቆስ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አከራዬ በሚያዝያ ውሃውን ዘጉብኝ። በግንቦት መብራቱንም አጠፉት። ሰኔ 9 ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ የማላውቀው ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ዕቃዬ በሙሉ ውስጥ ነው፣ እኔ እህቴ ቤት ነኝ። ጓደኞቼ ሰብረሽ ግቢ ይሉኛል። ሕጉ ምን ይላል?»

እህቴ፣ አትስበሪ። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርሽ። ቤቱ የእሳቸው መሆኑ አንቺን በራሳቸው እጅ ለማስወጣት ሥልጣን አይሰጣቸውም። ተከራይን ያለፈቃዱ የሚያስወጣው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፣ ውሳኔውም የሚፈጸመው በፍርድ ቤቱ በኩል ነው እንጂ በጓጉንቸር አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 ይዞታው የተወሰደበት ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው ይመለስልኝ፣ ሁከቱ ይወገድልኝ፣ ኪሳራዬም ይከፈለኝ ብሎ መክሰስ ይችላል። ለዚህ የቤቱ ባለቤት መሆን አያስፈልግም። «የሁከት ይወገድልኝ ክስ» ሲባል የምትሰሚው ይኼ ነው። የጊዜ ገደቡ ሁለት ዓመት ነው፣ ግን ሁለት ዓመት አለኝ ብለሽ እንዳትቀመጪ፤ ዕቃሽ ውስጥ እያለ አስቸኳይ ትእዛዝ የምትጠይቂ ሰው ሦስት ወር ዝም ብለሽ ከቆየሽ ዳኛው ምኑ ነው አስቸኳዩ ማለቱ አይቀርም።

መስበሩን በተመለከተ፣ አንቀጽ 1148 ይዞታውን የተነጠቀ ሰው በኃይል እንዲያስመልስ ይፈቅዳል። ግን ወዲያውኑ ነው የሚለው። አንቺ ከሥራ መጥተሽ፣ አይተሽ፣ እህትሽ ቤት ሄደሽ አድረሻል። አሁን ብትሰብሪ ነገ ፖሊስ ጣቢያ የምትጠሪው አንቺ ነሽ፤ ከውስጥ አንድ ዕቃ ጎደለ ቢባልም ጣቱ የሚቀሰረው ወደ አንቺ ነው።

አሁን ወዳልነገርሽኝ ነገር ልምጣ። ውሃው በሚያዝያ ተዘጋ፣ በሩ በሰኔ ተቆለፈ ብለሻል። በመሀል የኪራዩ ነገር ምን ሆነ? ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ኪራይ አንዲት ቃል የለም። ብዙ ዓመት ይህን ዓይነት ጉዳይ ስለያዝኩ ልገምት፦ «ውሃ ከዘጉብኝ እኔም አልከፍልም» ብለሻል። ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ግን ይህንን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብሽ፣ ምክንያቱም የአከራይሽ ጠበቃ መልሱን የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ይቺ ወጥመድ ስንቱን ተከራይ እንደበላች አትጠይቂኝ። ሰው ሲበደል ኪሱን መዝጋት ፍትሕ ይመስለዋል። በሕጉም ጭራሽ መሠረት የለውም አልልም፤ ሌላው ወገን ግዴታውን ካልፈጸመ እኔም አልፈጽምም የሚል ክርክር በውል ሕጋችን አለ። ችግሩ አንቺ ውሃ ባይኖርም ቤቱ ውስጥ መኖርሽን ቀጥለሻል። እንበልና ኪራዩ በወር 4,000 ብር ነው። የሚያዝያ፣ የግንቦትና የሰኔ ሲደመር 12,000 ብር ሆነ። ዳኛው ውሃና መብራት በመቋረጡ ከዚህ ላይ ይቀነስላት ሊል ይችላል፤ ምንም አትክፈል ይላል ብሎ መተማመን ግን ቁማር ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ባለመክፈልሽ ለአከራይሽ የሌላቸውን ነገር በእጃቸው አስቀመጥሽላቸው፦ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ውል የሚያቋርጡበት ሕጋዊ ምክንያት። ውሃውን ሲዘጉ ጥፋተኛው እሳቸው ብቻ ነበሩ። አሁን ሁለት ጥፋተኛ አለ።

አንድ ነገር ግን አይምታታብሽ። ዕዳ ቢኖርብሽም መቆለፉ ሕጋዊ አይሆንም። 1149 ላይ ያለው ጥያቄ ማን ተበደለ አይደለም፣ በእጁ ያደረገው ማን ነበር፣ ማንስ ወሰደበት ነው። አከራዩ የሚያመልጡት ለድርጊታቸው መብት የሚሰጣቸውን ነገር እዚያው በማያሻማ ሁኔታ ካስረዱ ብቻ ነው። «ሦስት ወር አልከፈለችኝም» ማለት የገንዘብ ክስ እንጂ የመቆለፍ መብት አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን አትቀላቅዪ። ብዙ ሰው ሁከት ይወገድልኝ ብሎ ገብቶ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ስድቡ፣ አከራዩ በገና ስለተናገሩት ነገር ሲያወራ ውሎ ክሱን ራሱ ይበትነዋል። የውል ክርክሩንና የሁከቱን ክስ እንዴት እንደሚያያይዝ ወይም እንደሚለይ ጠበቃሽ ወረቀቱን አይቶ ይወስን። እኔ ወረቀትሽን አላየሁም።

ታዲያ ያልተከፈለውን ምን እናድርግ? በእጅ አትስጪ። ከዚህ በፊት በባንክ ወይም በቴሌብር የምትልኪላቸው ከሆነ በዚያው መንገድ ላኪ፣ የየትኛው ወር ኪራይ እንደሆነም ምክንያቱ ላይ ጻፊ። አልቀበልም ካሉ ዕዳን በፍርድ ቤት በኩል ማስቀመጥ የሚቻልበት ሥርዓት አለ፤ ጠበቃሽን በዚህ ጠይቂው። «ልከፍል ነው የመጣሁት፣ የሚቀበለኝ አጣሁ» የምትል ተከራይና «አልከፍልም» የምትል ተከራይ ዳኛ ፊት አንድ አይደሉም።

ውሃውና መብራቱ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋሉ። በእኛ አገር መብራት በራሱም ይጠፋል፣ ውሃም በፈረቃ ነው፣ ስለዚህ «አጠፉብኝ» ብቻውን አይበቃም። በዚያው ሰዓት የአከራዩ ሳሎን ይበራ ነበር? ግቢው ውስጥ ባሉት በሌሎች ተከራዮች ቧንቧ ውሃ ይወርድ ነበር? ያንቺን መስመር የሚዘጋው መዝጊያ የት ነው፣ ብሬከሩስ በማን ክፍል ነው? ቆጣሪው በእሳቸው ስም ከሆነ ውሃ አገልግሎቱና መብራት ኃይል በራሳቸው ምክንያት ቆርጠው እንደሆነ ይጣራ። ድርጅቱ በሒሳብ ምክንያት ቆርጦት ከሆነ ነገሩ መልኩን ይቀይራል፣ በተለይ የቆጣሪው ድርሻሽን ካልከፈልሽ። ይህንንም አልነገርሽኝም።

አሁኑኑ የምታደርጊው ይኼ ነው። ጓጉንቸሩን ቀኑ እንዲታወቅ አድርገሽ ፎቶ አንሺ። ያየሽ ጎረቤት ካለ ስሙን ያዢ። ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ፤ «ይኼ የፍትሐ ብሔር ነው» ብለው ሊመልሱሽ ይችላሉ፣ ግን ቢያንስ አቤቱታሽ ተመዝግቦ ቀኑ ይያዝ። ውሉን፣ ደረሰኞቹን፣ አድራሻሽ ያለበትን መታወቂያ፣ ውስጥ የቀረውን ዕቃ ዝርዝር አሰባስቢ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጠበቃ፣ አቅም ከሌለሽ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቦታ ጠይቂ። ክሱ ለወረዳ ፍርድ ቤት ሲቀርብ እስኪወሰን ድረስ በሩ እንዲከፈት ወይም ዕቃው እንዳይነካ ትእዛዝ አብሮ ይጠየቃል። የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በከተማችሁ መተግበር አለመተግበሩንም አብራችሁ አጣሩ።

ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም፤ ጎጃም ነው ያለነው። ሽማግሌውን አልጠላም፣ ብዙ ነገር በርዶ ያየሁት በእነሱ ነው። ግን ያቺን ወረቀት ተጠንቀቂ። አንድ ደንበኛዬ ፍኖተ ሰላም ላይ አልጋውንና ልብሱን ሊያወጣ ብቻ ብሎ «ዕቃዬን ተረክቤ ቤቱን ለቅቄያለሁ» የምትል ወረቀት ላይ ፈርሞ፣ በሳምንቱ ሁከት ይወገድልኝ ሊከስ መጣ። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ከምኑ ይመለስ? ዕቃ መውሰድ ካስፈለገሽ «ዕቃዬን ወስጃለሁ፣ የቤቱን ይዞታ አልለቀቅኩም» የሚል ይጻፍ። እምቢ ካሉ አትፈርሚ፣ ወረቀቱን በስልክ አንሺና ለጠበቃሽ አሳዪ። ወደ ሽማግሌው ከመሄድሽ በፊት ግን የእነዚያን ሦስት ወራት የኪራይ ነገር ለጠበቃሽ እውነቱን ንገሪው።