የታህቱን ሩት ማስወገድና መልሱን በአስርዮሽ ማመሳከር

«ፎቶው ላይ ያለው 4ኛው ጥያቄ 5/(2√3 − √2) ነው። ልጄ (10√3 + 5√2)/10 ብላ ሠርታለች፤ መልስ ገጹ ግን √3 + √2/2 ይላል። ተሳስታለች ወይስ አንድ ነው? እንዴት ነው የማረጋግጠው?»

አልተሳሳተችም፣ ሁለቱ አንድ ቁጥር ናቸው። የቀራት ማቃለል ብቻ ነው። ላዕሉ ላይ ያሉት 10ም 5ም ለ5 ይካፈላሉ፣ ታህቱ 10ም እንደዚሁ። ሦስቱንም ለ5 ስናካፍል (2√3 + √2)/2 ይሆናል፤ ይህን ሁለት ክፍልፋይ አድርገው ለየብቻ ሲጽፉት የመልስ ገጹ √3 + √2/2 ይመጣል።

ከማመሳከሩ በፊት ግን ፎቶውን አንዴ አስተውለው ይዩት። ጠመም ብሎ ስለተነሳ የሩቱ ጣሪያ 3 ላይ ይቁም ወይስ እስከ √2 ይዝለቅ በደንብ አይለይም። በፎቶ በሚላኩ የሩት ጥያቄዎች ላይ ብዙ ክርክር የሚነሳው ከስሌቱ ሳይሆን ከዚህች መስመር ነው። ይህንንም የሚፈታው ያው የአስርዮሽ ግምት ነው።

√3ን 1.732፣ √2ን 1.414 አድርገው ይያዙ። ጣሪያው 3 ላይ የሚያበቃ ከሆነ ታህቱ 3.464 − 1.414 = 2.050 ነው፤ 5 ለ2.050 ሲካፈል 2.439 ገደማ ይሰጣል። ጣሪያው √2ንም የሚሸፍን ቢሆን ኖሮ ታህቱ 2√(3 − √2)፣ ማለትም 2.519 ገደማ ይሆንና መልሱ ወደ 1.985 ይወርድ ነበር። አሁን የመልስ ገጹን ይሞክሩት፦ 1.732 + 0.707 = 2.439። ስለዚህ ጥያቄውን ልጅዎ እንዳነበበችው ማንበብ ነው ትክክሉ። የእሷም መልስ (17.32 + 7.07)/10 ነው፤ እሱም 2.439።

አሠራሩን ራሱን እንየው። ታህቱ ሁለት ክፍል ስላለው በ√3 ብቻ ማባዛት አያዋጣም፤ 6 − √6 ይሆንና ሩቱ ሌላ መልክ ይዞ ይቀራል። ታህቱን በራሱ ማባዛትም አይረዳም፣ 14 − 4√6 ነው የሚመጣው። የሚያስፈልገው ኮንጁጌቱ ነው፤ ቁጥሮቹ እንዳሉ ሆነው መሃል ላይ ያለው ምልክት ብቻ ይገለበጣል፦ 2√3 + √2። ላዕሉንም ታህቱንም በዚሁ ስናባዛ በ1 እንደማባዛት ስለሆነ ዋጋው አይነካም። ታህቱ ላይ +2√6 እና −2√6 ይጠፋፉና የመጀመሪያው ካሬ ሲቀነስ የሁለተኛው ካሬ ይቀራል፦ 12 − 2 = 10።

እዚህ 12 ላይ ነው ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው። (2√3)² ሲሰላ ውጭ ያለው 2ም ካሬ ይሆናል፦ 4 × 3 = 12። 2ቱን ካሬ ሳያደርጉት 2 × 3 = 6 ያሉ እንደሆነ ታህቱ 4 ይሆንና መልሱ 6.1 አካባቢ ይወጣል። ከ2.439 ጋር ሲተያይ ወዲያው ያስታውቃል። ሁለተኛው ስህተት መጨረሻ ላይ ነው፦ (2√3 + √2)/2 ላይ 2ን ከ2 ጋር ሰርዘው √3 + √2 ይላሉ። 2 ለሁለቱም ክፍል አካፋይ ነውና √2ም ለ2 መካፈል አለበት። ስህተቱ 3.146 ነው የሚሰጠው፤ ይህም በግምቱ ይያዛል።

ግምቱን በአንድ የአስርዮሽ ቤት ብቻ አይሥሩት። 1.7 እና 1.4 ከያዙ ጥያቄው 2.5፣ መልሱ 2.4 ይወጣና ትክክለኛውን መልስ ስህተት ነው ብለው ይሰርዙታል። ታህቱ ላይ መቀነስ ስላለ ትንሿ መጠጋጋት ከልዩነቱ ጋር ስትነጻጸር ትገዝፋለች። ሁለቱ ሩቶች የሚቀራረቡ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፦ 1/(√3 − √2) በአንድ ቤት 3.33 ይሆናል፣ ትክክለኛው ግን 3.146 አካባቢ ነው። ሦስት ቤት ለአብዛኛው መልመጃ ይበቃል።

አስርዮሹ የማይነግርዎ ነገርም አለ። ያልተሠራው ጥያቄም ራሱ 2.439 ነውና፣ ሩቱ ከታህቱ ወጥቷል ወይ የሚለውን በዓይን ማየት ይኖርብዎታል። እኩልነቱን ያለ ግምት ማረጋገጥ ከፈለጉ ደግሞ መልሱን በመጀመሪያው ታህት ያባዙት፦

(√3 + √2/2)(2√3 − √2) = 6 − √6 + √6 − 1 = 5

5 ደግሞ የጥያቄው ላዕል ነው።